ቫሊድ ነው፤ ግን እውነት ነው? የአክስቴ እቁብና የሎጂክ ፈተና

ባለፈው ጊዜ በአንድ ምሽት ሁለት የቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ቤት ነው።

የመጀመሪያው ከአክስቴ ልጅ ነው። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባች ፍሬሽማን ናት፤ የሎጂክ ሚድ ፈተናዋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እንዲህ ትላለች፦ «ሃንድአውቱ ላይ ‹ዓሣ ሁሉ ይበራል፤ ላም ዓሣ ናት፤ ስለዚህ ላም ትበራለች› የሚለው ቫሊድ ነው ይላል። እንዴት ነው ሦስቱም መስመር ውሸት ሆኖ ነገሩ ትክክል የሚባለው? መምህሩ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ የደነዘዝኩት?»

ሁለተኛው ከእናቷ፣ ከአክስቴ፣ የመጣ የሦስት ደቂቃ ቮይስ ነው። አክስቴ ቴክስት አትጽፍም። «ልጄ፣ እቁብ ወጣልኝ። 50 ሺህ ብር። እዚህ ሰፈር አንድ ድርጅት ተከፍቷል፤ ገንዘብ ስታስገባ በወር 20 በመቶ ይሰጣሉ። ፈቃድ አላቸው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ፈቃድ ያለው ድርጅት ደግሞ የሰው ገንዘብ አይበላም። ጎረቤቴም ይሄው ሁለት ወር በቀኑ ተከፈላት። አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃልና ምን ትላለህ?»

መጀመሪያ ለልጅቷ ልመልስ ብዬ ጀመርኩ። ስጽፍላት ግን የእናቷም መልስ እዚያው ውስጥ እንዳለ ገባኝ። ሎጂክ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትማሩ ካላችሁ፣ ሁለቱን አብረን እንያቸው።

ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም

በሎጂክ ሙግት ማለት ጭቅጭቅ አይደለም። አንድን ሐሳብ ለማሳመን ምክንያት ደርድረን መጨረሻ ላይ «ስለዚህ» ስንል ሙግት አቀረብን ይባላል። ምክንያቶቹን መነሻ እንበላቸው፤ ክፍል ውስጥ ፕሪሚስ የሚባሉት ናቸው። «ስለዚህ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ መደምደሚያ ነው።

አንድ ሙግት ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መጠየቅ ይቻላል። አንደኛው፦ መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው የግድ ይከተላል ወይ? ሁለተኛው፦ መነሻዎቹስ በእርግጥ እውነት ናቸው ወይ? ቫሊድ የሚለው ቃል የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለቱንም ፈተና ያለፈ ሙግት ሳውንድ ይባላል።

የስልካችሁን ካልኩሌተር አስቡት። ሱቅ ሄዳችሁ የ80 ብሩን ዕቃ በስህተት 800 ብላችሁ ብታስገቡ ድምሩ ከትክክለኛው ሂሳብ ይለያል። ግን ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም፤ ባስገባችሁት ቁጥር ላይ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። የተሳሳተው የገባው ቁጥር ነው። ቫሊድ ማለት እንግዲህ «ድምሩ በትክክል ተሠርቷል» እንደማለት ነው። ሳውንድ ማለት ደግሞ «ድምሩም ተሠርቷል፣ የገቡት ዋጋዎችም እውነተኛ ናቸው» ነው።

አሁን ወደ ላሟ እንመለስ። ቫሊድ መሆኑን ለማየት አንድ ነገር ብቻ ነው የምናደርገው፦ ለጊዜው መነሻዎቹን እናምናቸዋለን። ዓሣ የሆነ ሁሉ የሚበርበት ዓለም እናስብ። በዚያ ዓለም ላም ዓሣ ናት እንበል። ታዲያ በዚያ ዓለም የማትበር ላም ልትኖር ትችላለች? አትችልም። ዓሣ ሁሉ ይበራል ካልን በኋላ ዓሣ የሆነችውን ላም ማስቀረት ራስን መቃረን ነው። ስለዚህ ሙግቱ ቫሊድ ነው። በእኛ ዓለም ግን ሁለቱም መነሻዎች ሐሰት ናቸው፤ ስለዚህ ሳውንድ አይደለም። መምህሩም አልተሳሳተ፣ ልጅቷም አልደነዘዘች። ግራ የገባት አንድ ቃል ሁለት ሥራ የሚሠራ ስለመሰላት ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከአነጋገራችንም ነው። ከጓደኛችን ጋር ስናወራ «ቫሊድ ነው ያልከው» ስንል ልክ ነህ፣ እውነት ነው ማለታችን ነው። በሎጂክ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ቫሊድ አይባልም። ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ነው። ቫሊድ የሚባለው ሙግቱ ነው፤ ማለትም ከመነሻ ወደ መደምደሚያ የሚወስደው መንገድ። ፈተና ላይ «ይህ መነሻ ቫሊድ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ጉዳዩ እንዳልገባው ወዲያው ያስታውቃል።

ይቺኑ ላም ትንሽ እናዙራት። «ዓሣ ሁሉ ወተት ይሰጣል፤ ላም ዓሣ ናት፤ ስለዚህ ላም ወተት ትሰጣለች።» ቅርጹ ያው ነው፤ ቫሊድ ነው። ሁለቱም መነሻዎች አሁንም ሐሰት ናቸው። መደምደሚያው ግን እውነት! ይሄንን ያዙት፣ በኋላ ያስፈልገናል፦ ሙግቱ ሳውንድ አይደለም ማለት መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በመጥፎ ምክንያት ትክክለኛ ቦታ መድረስ ይቻላል።

ሁሉም እውነት ሆኖ የማይሠራ

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ነው እንበል።

ሐዋሳ ካለሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነኝ።
ኢትዮጵያ ውስጥ ነኝ።
ስለዚህ ሐዋሳ ነኝ።

ሦስቱም መስመሮች እውነት ናቸው። አንድም ውሸት የለም። ሆኖም ሙግቱ ቫሊድ አይደለም። ለምን? ነገ አዳማ ሄጄ ይሄንኑ ሙግት ብደግመው ሁለቱም መነሻዎች እውነት እንደሆኑ ይቀጥላሉ፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ይሆናል። ዛሬ ልክ የሆንኩት በአጋጣሚ ነው እንጂ ሙግቱ አድርሶኝ አይደለም።

አንድ ሙግት ቫሊድ አለመሆኑን ማሳያው ቀላሉ ዘዴ ይሄ ነው፦ መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው የሚፈርስበትን አንድ ሁኔታ ፈልጉ። አንድ ይበቃል። አዳማ ለእኛ ያቺ አንድ ሁኔታ ናት።

ቤት ውስጥ በየቀኑ የምንሠራው ስህተትም ይሄው ነው። «መብራት ከጠፋ ዋይፋይ ይቋረጣል። ዋይፋይ ተቋርጧል። ስለዚህ መብራት ጠፍቷል።» አምፖሉን ሳያበሩ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች አሉ። የወሩ ክፍያ አልቆ ቢሆንስ? መብራቱ እያለ ዋይፋዩ ሊቋረጥ ይችላል። «ከሆነ» በሚለው መንገድ ከፊት ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ከኋላ ወደ ፊት መመለስ ግን አይቻልም።

እንግዲህ አራት ዓይነት ጥምረት አየን ማለት ነው። ቫሊድ ሆኖ ሁሉም ሐሰት፣ ቫሊድ ሆኖ መደምደሚያው ብቻ እውነት፣ ሁሉም እውነት ሆኖ ቫሊድ ያልሆነ፣ ቫሊድ ሳይሆን መደምደሚያውም የወደቀ። ፈጽሞ ሊኖር የማይችለው አንድ ጥምረት ብቻ ነው፦ ሙግቱ ቫሊድ፣ መነሻዎቹ በሙሉ እውነት፣ መደምደሚያው ግን ሐሰት። ቫሊድ የሚለው ቃል ትርጉሙ ራሱ ይሄ አይሆንም ማለት ነው። ሳውንድ የሆነ ሙግት ላይ መተማመን የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መደምደሚያው የግድ እውነት ነው።

«ፈቃድ አላቸው»

አሁን ወደ አክስቴ ቮይስ። ሦስት ደቂቃው ውስጥ ሁለት ሙግት አለ። የመጀመሪያውን ከወሬው ለይተን በመስመር እናስቀምጠው፦

ፈቃድ ያለው ድርጅት የሰው ገንዘብ አይበላም።
ይሄ ድርጅት ፈቃድ አለው።
ስለዚህ ይሄ ድርጅት የሰው ገንዘብ አይበላም።

ቫሊድ ነው። አክስቴ ሎጂክ ባትማርም ያቀረበችው ሙግት ቅርጹ ንጹሕ ነው። ለዚህም ነው አሳማኝ የሚመስለው፤ ስንሰማው ምንም አይጎረብጥም። የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ መነሻዎቹ እውነት ናቸው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ በቴክስት ላክሁላት፤ ልጇ አነበበችላት። «ግድግዳው ላይ ያለው የምን ፈቃድ ነው?» ሄዳ አየችው። የንግድ ፈቃድ ነው፤ የሥራው ዓይነት የማማከር አገልግሎት ይላል።

አገራችን ውስጥ ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችለው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያገኘ ተቋም ነው። የማማከር ንግድ ፈቃድ ሌላ ነገር ነው። ለሱቅም፣ ለጸጉር ቤትም የንግድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ያ ወረቀት ስለ ገንዘባችሁ ደኅንነት የሚለው ነገር የለም።

እንግዲህ ሙግቱ ውስጥ «ፈቃድ» የምትለው ቃል ሁለት ጊዜ ገብታለች። ምን ማለት ናት? ሁለት አማራጭ አለን።

አንደኛው፣ ሁለቱም ቦታ ላይ የንግድ ፈቃድ ማለት ናት እንበል። ያኔ ሁለተኛው መነሻ እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ። ሙግቱም ቫሊድ እንደሆነ ይቆያል። ግን የመጀመሪያው መነሻ «የንግድ ፈቃድ ያለው ሁሉ የሰው ገንዘብ አይበላም» ይሆናል፤ ይሄን ደግሞ አክስቴ ራሷ አታምንም። ባለፈው ዓመት ቀብድ ወስዶ የጠፋው በር ሠሪ ፈቃድ ነበረው። ስለዚህ ቫሊድ ነው፣ ሳውንድ ግን አይደለም።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን መነሻ እናጠንክረው፤ «ገንዘብ ለመሰብሰብ ከብሔራዊ ባንክ የተፈቀደለት፣ ቁጥጥር ያለበት ተቋም የሰው ገንዘብ አይበላም» እንበል። ይሄ ቢያንስ ሊታመን የሚችል አባባል ነው። ሁለተኛውን መነሻ ግን እንደ ወረቀቱ ከተውነው «ይሄ ድርጅት የማማከር ንግድ ፈቃድ አለው» ነው የሚለው። አሁን ሁለቱ መነሻዎች ስለ ተለያየ ነገር እያወሩ ነው፤ አይገናኙም። መደምደሚያው አይከተልም። ሙግቱ ቫሊድ መሆኑ ቀረ።

ነገሩን አያችሁት? አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይፈርሳል። መነሻውን እውነት ስናደርገው መንገዱ ይቆረጣል፤ መንገዱን ስንጠግነው መነሻው ሐሰት ይሆናል። ሙግቱ ጥሩ የሚመስለው አንዲቷን ቃል በጆሮ ብቻ ሰምተን ስናልፋት ነው። ሁለት ቦታ የገባች ቃል ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ትርጉም እንዳላት ሳታረጋግጡ «ቫሊድ ነው» አትበሉ። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጥያቄ ይቺ ናት፤ ከፈተና ውጪም ብዙ ሰው የሚወድቅባት ይቺው ናት።

«ጎረቤቴ ተከፈላት»

ሁለተኛው ሙግት እንዲህ ነው፦

ሥራቸው እውነተኛ ከሆነ በቀኑ ይከፍላሉ።
ጎረቤቴን በቀኑ ከፈሏት።
ስለዚህ ሥራቸው እውነተኛ ነው።

ቅርጹን አወቃችሁት? ሐዋሳ ነው፤ ዋይፋይ ነው። መነሻዎቹ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎረቤቷ በእርግጥ ተከፍሏታል። ሙግቱ ግን ቫሊድ አይደለም። ይሄን ለማሳየት መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው የሚወድቅበት አንድ ሁኔታ ያስፈልገናል። ታሪክ አስቀምጦልናል።

በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ሰው ቦስተን፣ አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ይላል። መጀመሪያ የገቡትን በእርግጥ ከፈላቸው፤ በቀኑ፣ ሳይቀንስ። የተከፈለው ሰው ለጎረቤቱ ያወራል፣ ጎረቤትየው ይገባል። ሆኖም የሚከፍለው ከሥራ ባገኘው ትርፍ አልነበረም። በኋላ የገቡት ያመጡትን ገንዘብ ነበር ለቀደሙት የሚሰጠው። ያቺ አንዲት ሁኔታ ይቺው ናት፦ በቀኑ ተከፈለ፣ ሥራው ግን እውነተኛ አልነበረም።

የፖንዚን ነገር ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። እሱ ራሱ ለሰዎች ያቀርበው የነበረው ሙግት ከአክስቴ ጎረቤት ሙግት የተሻለ ነው፤ ቫሊድ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ለውጭ አገር ደብዳቤ መልስ መክፈያ የሚሆን የፖስታ ኩፖን ነበር። አንዱ አገር ገዝታችሁት በሌላ አገር በቴምብር ትለውጡታላችሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ገንዘብ ስለወደቀ፣ ኩፖኑ እዚያ ሲገዛ አሜሪካ ከሚያወጣው ዋጋ በጣም ርካሽ ነበር። የፖንዚ ሙግት እንግዲህ፦ በርካሽ ገዝቶ በውድ መለወጥ ትልቅ ትርፍ ያመጣል፤ የእናንተን ገንዘብ የማውለው ለዚሁ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ገንዘባችሁ ትልቅ ትርፍ ያመጣል።

የመጀመሪያው መነሻ እውነት ነበረው፤ የዋጋ ልዩነቱ በእርግጥ ነበር። ሰው የተያዘውም በዚያች እውነት ነው። አንዱ መነሻ እውነት መሆኑን ያየ ሰው ሁለተኛውንም አብሮ ይውጠዋል። ሳውንድ ለመሆን ግን «አብዛኛው እውነት ነው» አይበቃም፤ ሁሉም መሆን አለበት። የፋይናንስ ጸሐፊው ክላረንስ ባሮን ሁለተኛውን መነሻ ለብቻው አውጥቶ ቆጠረው። ፖንዚ የሰበሰበውን ገንዘብ በኩፖን ለመሸፈን ወደ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልግ ነበር። በዓለም ላይ ይዘዋወር የነበረው ግን 27 ሺህ ያህል ነው። ሙግቱ ቫሊድ ሆኖ፣ ገንዘቡ የገባው ግን ወደ ኩፖን አልነበረም። ፖንዚ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአሜሪካ ተያዘ፤ በኋላም ጥፋተኝነቱን አምኖ ታሰረ።

የአክስቴንም ቁጥር እንደ ባሮን እንቁጠረው። በወር 20 በመቶ፣ ትርፉን ሳያወጡ ቢያስቀምጡት፣ 50 ሺህ ብር በዓመት ከ445 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። በሁለት ዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። ድርጅቱ ለሁሉም ሰው ይሄን ለመክፈል ምን ሸጦ ነው የሚያገኘው? ይቺን ጥያቄ ሎጂክ አይመልስም። ሎጂክ የሚያደርገው ጣቱን መነሻው ላይ መቀሰር ነው፤ ሄዶ መመልከት የእኛ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አክስቴ «የግድ ነው አላልኩም፤ ተከፈላት ስል ምልክት ነው ማለቴ ነው» ልትል ትችላለች። ይሄ ፍትሐዊ ነው። በዕለት ተዕለት ኑሮ አብዛኛው ሙግታችን የግድ አይልም፤ የሚያመዝነውን ነው የሚናገረው። እንዲህ ዓይነቱ የሚለካው በቫሊድ ሳይሆን በጥንካሬው ነው። ያም ሆኖ አንዲት ጎረቤትና ሁለት ወር ጠንካራ ምልክት አይደሉም፤ አጭበርባሪውም፣ ሐቀኛውም በመጀመሪያው ሁለት ወር ይከፍላሉና።

ታዲያ ሌባ ናቸው?

ይሄን ሁሉ በቮይስ ካስረዳኋት በኋላ አክስቴ ደወለች። «ስለዚህ ሌቦች ናቸው እያልከኝ ነው?»

እንደዚያ አላልኩም። ወተት የምትሰጠዋን ላም አስታውሱ፤ ሙግቱ ሳውንድ አልነበረም፣ መደምደሚያው ግን እውነት ነበር። የአክስቴ ሁለት ሙግቶች ወደቁ ማለት ድርጅቱ አጭበርባሪ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። የተረጋገጠው፣ ገንዘቡ አይበላም የምትልበት ምክንያት እጇ ላይ እንደሌለ ነው። «ሐሰት ነው» እና «ምክንያቱ አላደረሰንም» የተለያዩ ናቸው። ይሄን ስነግራት ዝም አለች።

«እንግዲያው» አለችኝ ቆይታ፣ «ምክንያት የሌለኝ ነገር ላይ ነው እቁቤን የምጥለው?»

በማግስቱ ሄዳ ሁለት ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ ገንዘብ እንድትሰበስቡ የፈቀደላችሁ ማን ነው? ትርፉስ ከምን ነው የሚመጣው? ልጁ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጣት፤ «እማማ፣ ምዝገባው አርብ ይዘጋል»። ይሄ እንኳን ሳውንድ ሊሆን ሙግትም አይደለም፤ መነሻ የለውም። እቁቡ አሁንም ባንክ ነው።

ልጅቷ ደግሞ ፈተናዋን ጨርሳ ጻፈችልኝ። የመጨረሻው ጥያቄ «ቫሊድ የሆነ ግን ሳውንድ ያልሆነ ሙግት የራሳችሁን ምሳሌ ስጡ» ይል ነበር አለች። ላሟን አልጻፈችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃድ ነው የጻፈችው።